ከ200 ግራሙ ይልቅ 5 ግራሙን ማመን ነበረብኝ

አዲስ አበባ የሚገኘው አነስተኛ የኬሚስትሪ ላቦራቶሪያችን ያለው አናሊቲካል ሚዛን አንድ ብቻ ነው። እስከ 220 ግራም ይመዝናል፤ የሚያሳየው ትንሹ አሃዝ 0.1 ሚሊግራም ነው። ዋና ሥራችን በቡና ናሙና ውስጥ ያለውን ካፌይን መለካት ስለሆነ፣ በየሳምንቱ ለማነጻጸሪያ የሚሆን 50 ሚሊግራም ንጹሕ የካፌይን ስታንዳርድ መዝነን በ50 ሚሊሊትር ብልቃጥ እናሟሟለን፤ የምንሰጠው ውጤት ሁሉ የሚቆመው በዚያች 50 ሚሊግራም ላይ ነው። የሚዛኑን ፍተሻ በራሴ እጅ ስጀምር ግን ይህችን ቁጥር ትቼ በ200 ግራም ላይ ሦስት ሳምንት አባከንሁ። ቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ ይህን ጽሑፍ ባልጻፍሁ ነበር።

በዓመት አንድ ጊዜ የካሊብሬሽን ድርጅት ባለሙያ ይመጣል፤ ፈትሾ፣ አረንጓዴ ስቲከር ለጥፎና ሰርተፊኬት ሰጥቶ ይሄዳል። ባለፈው ዓመት ቀጠሮው በተደጋጋሚ ሲራዘምብን፣ ኦዲተሩ ደግሞ በመካከሉ የራሳችሁን ፍተሻ አሳዩኝ ብሎ ሲጠይቀን፣ ሦስቱን ፈተናዎች ራሴ ልሠራ ወሰንሁ፤ እነሱም ክብደቱ በሳህኑ ላይ ቦታ ሲለውጥ ንባቡ ይለወጥ እንደሆነ የሚያሳየው ኤክሰንትሪሲቲ፣ ጭነቱ ሲጨምር ንባቡ በቀጥተኛ መስመር መከተሉን የሚያሳየው ሊኒያሪቲና አንዱ ክብደት ደጋግሞ ሲመዘን ያው ንባብ መገኘቱን የሚያሳየው ሪፒተቢሊቲ ናቸው። ለዚህም ከአንድ የዩኒቨርሲቲ ክፍል የኤፍ 1 ደረጃ መመዘኛ ክብደቶችን ከነሰርተፊኬታቸው ተዋስሁ። ክብደቶቹን ከሚዛኑ አጠገብ አሳደርኋቸው፤ ሚዛኑንም ሌሊቱን ከኤሌክትሪክ ሳልነቅል ተውሁት። ከክፍሉ አየር የሞቀ ክብደት በዙሪያው ያለውን አየር ወደ ላይ ስለሚያንቀሳቅስ ከእውነተኛው ቀልሎ ይታያል፤ በባዶ እጅ የተያዘ ክብደትም እንዲሁ ነው። ስለዚህ በወረንጦ ብቻ ያዝኋቸው።

ኤክሰንትሪሲቲው ብዙ የሚወራለት አልነበረም። አንድ ባለ100 ግራም ክብደት መጀመሪያ በሳህኑ መካከል፣ ቀጥሎም ከመካከል እስከ ጠርዝ ባለው ርቀት አጋማሽ ላይ በአራቱም አቅጣጫ እያስቀመጥሁ ከመካከለኛው ንባብ ጋር አነጻጸርሁ። ትልቁ ልዩነት 0.2 ሚሊግራም ሆነ፤ አለፈ። ማሳሰብ የምፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሁለት ክብደት ደራርባችሁ አትፈትኑ፣ የተደራረበው ክብደት ማዕከሉ የት እንዳለ አታውቁምና።

ችግሩ የመጣው ከሊኒያሪቲ ፈተናው ነው። ከዜሮ ተነሥቼ 50፣ 100፣ 150 እና 200 ግራም እየጨመርሁ ጫንሁ፤ ከዚያም በዚያው ደረጃ እየቀነስሁ ወረድሁ። ከእያንዳንዱ ንባብ ላይ በሰርተፊኬቱ የተጻፈውን የክብደቱን ትክክለኛ ዋጋ ስቀንስ፣ ስሕተቱ በ50 ግራም 0.4፣ በ100 ግራም 0.9፣ በ150 ግራም 1.2፣ በ200 ግራም 1.6 ሚሊግራም ወጣ፤ ሁሉም ወደ ላይ ነው። በሚዛኑ መመሪያ ላይ ለሊኒያሪቲ የተፈቀደው 0.2 ሚሊግራም ነበር። ስምንት እጥፍ መሆኑን ሳይ ደነገጥሁ።

ወዲያው ለጥገና ባለሙያው ደወልሁ። ሚዛኑን ሳያይ፣ ቁጥሮቹንም አንድ በአንድ ሳይጠይቅ፣ «የውስጡ ሴል ሞቷል፤ ዕቃው ከውጭ ይታዘዛል» ብሎ ዋጋ ነገረኝ። እኔም አመንሁት። ለሥራ አስኪያጃችን አዲስ ሚዛን እንዲገዛ ደብዳቤ ጻፍሁ፤ የዚያ ደብዳቤ ቅጂ እስከ ዛሬ በፋይሉ ውስጥ አለ፤ ባየሁት ቁጥር አፍራለሁ። ሥራ አስኪያጁ ለውጭ ምንዛሪ ወረፋ የሚፈጀውን ጊዜ አስረድተው «እስቲ እንደገና እዪው» አሉኝ። ሁለት ሳምንት ፈተናውን እየደጋገምሁ፣ ተመሳሳይ ቁጥር እያገኘሁ፣ በሚዛኑ ላይ እየተናደድሁ አሳለፍሁ። ቁጥሩ በየጊዜው ተመሳሳይ መሆኑ ራሱ ምን እንደሚል ለማሰብ ግን ጊዜ አልሰጠሁም።

በሦስተኛው ሳምንት ስሕተቶቹን በካሬ ወረቀት ላይ ነጥብ አድርጌ ሣልኋቸው። ከዜሮ ተነሥተው በቀጥተኛ መስመር ወጡ፤ በየ100 ግራሙ 0.8 ሚሊግራም። ከዚህ መስመር የራቀው የ100 ግራሙ ነጥብ ብቻ ሲሆን እሱም የራቀው በ0.1 ሚሊግራም ነበር። ሊኒያሪቲው የተበላሸ ሚዛን እንዲህ አይሥልም፤ መስመሩ ይጎብጣል፣ ለምሳሌ ዜሮውና 200 ግራሙ ልክ ሆነው መካከሉ ይስታል። ስሕተቱ ከጭነቱ ጋር በእኩል መጠን የሚያድግ ከሆነ የሳተው የሚዛኑ ቀጥተኛነት ሳይሆን ስሜታዊነቱ፣ ማለትም አንድ ግራምን ስንት ብሎ እንደሚቆጥር ነው። ይህንን ደግሞ የሚወስነው CAL የሚለውን የማስተካከያ ቁልፍ ተጭነን የምናስቀምጥለት ክብደት ነው።

የእኛ ሚዛን በውስጡ የራሱ መመዘኛ ክብደት የሌለው ዓይነት ነው። ከአውሮፓ መጥቶ መጀመሪያ ስንከፍተው 200 ግራሙን ከግማሽ ግራም በላይ ቀንሶ አሳይቶን ነበር፤ አዲስ አበባ ለምድር ወገብ የቀረበችና ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ስለሆነች የስበት ኃይሏ ያነሰ ነው፤ ኤሌክትሮኒክ ሚዛን ደግሞ የሚሰማው ግዝፈትን ሳይሆን ኃይልን ነው። ስለዚህ እዚሁ ማስተካከል ግድ ነበር። ለዚህ የተገዛው ባለ200 ግራም ክብደት ከተዋስሁት ኤፍ 1 አንድ ደረጃ ዝቅ ያለ የኤፍ 2 ደረጃ ሲሆን፣ መመሪያው «በየዕለቱ CAL ይጫኑ» ስለሚል በየማለዳው በታማኝነት እንጫን ነበር።

የዚያን ክብደት ሰርተፊኬት አውጥቼ አነበብሁት። የመጀመሪያው ገጽ «ደረጃውን ያሟላል» ይላል፤ እኔም ፋይል ሳደርገው ያየሁት ይህንኑ ነበር። በሁለተኛው ገጽ ላይ ግን ትክክለኛ ዋጋው 199.9984 ግራም ተብሎ ተጽፏል። ለባለ200 ግራም የኤፍ 2 ክብደት የሚፈቀደው ስሕተት 3 ሚሊግራም ስለሆነ፣ ሰርተፊኬቱ አልዋሸም። እኛ ግን 1.6 ሚሊግራም የጎደለውን ክብደት አስቀምጠን ሚዛኑን «ይህ 200.0000 ነው» እንለው ነበር፤ ስለዚህ እውነተኛ 200 ግራም ሲጫንበት 200.0016 ማለቱ የታዘዘውን መፈጸሙ ነው። ከሁሉ የሚያናድደው፣ የካሊብሬሽን ባለሙያው በየዓመቱ በራሱ ጥሩ ክብደት አስተካክሎት ይሄድ ነበር፤ በማግስቱ ጠዋት እኛ በራሳችን ክብደት መልሰን እናበላሸዋለን። የሰርተፊኬቱ ዕድሜ አንድ ሌሊት ነበር ማለት ነው። ባለሙያው በየማለዳው በምን ክብደት እንደምናስተካክል አንድም ቀን ጠይቆ አያውቅም። እኔም አልነገርሁትም።

ከዚያ ወዲህ መመሪያውን አልከተልም። ጠዋት መጀመሪያ አንድ የታወቀ ክብደት መዝኜ ያየሁትን በመዝገቡ ላይ እጽፋለሁ፤ ከወሰኑ ካልወጣ CAL አልነካም። ከወጣም የተገኘውን ቁጥር ሳልመዘግብ አላስተካክልም፤ ማስተካከያው የቆየውን ስሕተት ምልክት ሳያስቀር ስለሚያጠፋ፣ ትናንት የሰጠነው ውጤት ልክ ይሁን አይሁን በኋላ ማወቅ አይቻልም። ውስጣዊ ክብደት ያላቸው ሚዛኖች ነገር ሌላ ነው።

አሁን ወደ እውነተኛው ጸጸቴ እመጣለሁ። ያ 1.6 ሚሊግራም በ200 ግራም ላይ ነው፤ በመጠን ሲሰላ ከሚሊዮን ስምንት እጅ ነው። በ50 ሚሊግራም ካፌይን ላይ የሚያመጣው ለውጥ ሚዛኑ ሊያሳየው እንኳ የማይችል ኢምንት ነው። ሦስት ሳምንት የደከምሁበት ስሕተት በአንድም የቡና ውጤታችን ላይ ለውጥ አላመጣም።

ሪፒተቢሊቲን በመጨረሻ፣ ለወጉ ያህል ነበር የሠራሁት። የድርጅቱ ባለሙያ የሚሠራው በ200 ግራም አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ቅጹም እንዲሁ ይላል፤ ሁልጊዜም ያልፋል። እኔ ግን የአሜሪካ ፋርማኮፒያ ምዕራፍ 41 የሚጠይቀውን ዐሥር ምዘና፣ ለሥራችን በሚቀርብ ትንሽ ክብደት፣ በ5 ግራም ሞከርሁት። ከአምስት ግራም በላይና በታች ያሉት የመጨረሻዎቹ አሃዞች፣ በ0.1 ሚሊግራም ሲቆጠሩ፣ 1፣ 3፣ -1፣ 2፣ 0፣ 3፣ 1፣ -1፣ 2 እና 0 ነበሩ። የመበታተናቸው መለኪያ የሆነው ስታንዳርድ ዴቪዬሽናቸው 0.149 ሚሊግራም ነው። ፋርማኮፒያው የዚህ ቁጥር እጥፍ ከሚመዘነው ነገር ከ0.10 በመቶ እንዳይበልጥ ስለሚያዝዝ፣ በዚህ ሚዛን ሊመዘን የሚገባው ትንሹ መጠን 0.149 በ2000 ተባዝቶ 298 ሚሊግራም ይሆናል። እኛ 50 እንመዝን ነበር። የስታንዳርዳችን እርግጠኝነት ማጣት ከምዘናው ብቻ 0.6 በመቶ ደርሷል ማለት ነው። ለወራት ሁለት የስታንዳርድ ዝግጅቶች አልስማማ ሲሉን ፒፔቱን ስንወቅስ፣ መሣሪያውን ስናጥብ፣ አንድ ባልደረባችንን «እጅሽ አይጸናም» ስንል ኖረናል። ይቅርታ ጠይቄአታለሁ።

መንሥኤውን ለማግኘት ብዙ መሄድ አላስፈለገም። ሚዛኑ በእንጨት ጠረጴዛ ላይ፣ የኬሚካል ጭስ ከሚስበው ፊውም ሁድ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ነበር። ፊውም ሁዱን አጥፍቼ ስመዝን ንባቡ ረጋ፤ በጠረጴዛው ላይ ክንዴን ሳሳርፍ ደግሞ የመጨረሻው አሃዝ ተንቀሳቀሰ። በግድግዳው ጥግ፣ ከመተላለፊያው ርቆ፣ በብሎኬት ላይ የእብነ በረድ ንጣፍ አስደርጌ ሚዛኑን ወደዚያ አዛወርሁት፤ ቦታው ስለተለወጠም በተዋስሁት ክብደት እንደገና አስተካከልሁት። ዐሥሩ ምዘና ሲደገም ስምንቱ አንድ ዓይነት ሆኑ፤ አንዱ በአንድ አሃዝ ከፍ፣ ሌላው በአንድ አሃዝ ዝቅ አለ። ስታንዳርድ ዴቪዬሽኑ 0.047 ሚሊግራም፣ ትንሹ ምዘና 94 ሚሊግራም ሆነ። የእብነ በረዱ ዋጋ ባለሙያው ከነገረኝ የዕቃ ዋጋ ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ይሁንና 50 አሁንም ከ94 በታች ነው። ስለዚህ 125 ሚሊግራም ካፌይን መዝነን በ100 ሚሊሊትር ካሟሟን በኋላ፣ ከዚያ 20 ሚሊሊትር ወስደን በ25 ሚሊሊትር ብልቃጥ እናሟላለን፤ የመጨረሻው ጥንካሬ ያው በሚሊሊትር 1 ሚሊግራም ነው። ስታንዳርድ ይበዛብናል፤ ሁለቱ ዝግጅቶች ግን አሁን ይስማማሉ።

በሚዛኑ መስታወት ላይ ከአረንጓዴው ስቲከር ጎን «ከ100 ሚሊግራም በታች አይመዘንም» የሚል ወረቀት ለጥፌአለሁ። ኦዲተሩ በመጣ ጊዜ ስቲከሩን ፎቶ አነሣ፤ ወረቀቱን ደግሞ የሰነድ ቁጥር የለውም ብሎ በጉድለት መዘገበብኝ። ቁጥር ሰጥቼ መልሼ ለጠፍሁት።