ሁለት የሚመሳሰሉ መስቀለኛ መንገዶች

ወደ አንድ የዜና ክፍል የማጣሪያ ዴስክ የአውቶብስ ግጭት የሚያሳይ ፎቶ መጣ። ሥራው ፎቶው የተነሣበትን ትክክለኛ ቦታ ማግኘት ነው፤ ከተማው ታውቋል። የአውቶብሱ የመስመር ቁጥርና ጥጉ ላይ ያለው ፋርማሲ ስም ፍለጋውን በአንድ ጎዳና ላይ ወዳሉ ሁለት መስቀለኛ መንገዶች አጥብበውታል፤ በሁለቱም ጥግ የዚያው ድርጅት ፋርማሲ፣ ከጀርባውም ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ አለ።

ወጣቱ አጣሪ የመጀመሪያውን የጎዳና ምስሎችን በሚያሳየው ጉግል ስትሪት ቪው ከፍቶ፣ «ይኸው፣ ሁሉም ገጠመ» አለ። የዴስኩ ኃላፊ ግን፣ «ፋርማሲውን ተወው፤ የጀርባውን ሕንፃ መስኮት ቁጠር» አለችው። ልክ ነበረች። ሁለቱ ቦታዎች የተመረጡት ፋርማሲው ስላላቸው ስለሆነ፣ ፋርማሲው መልሶ ማረጋገጫ ሊሆን አይችልም። ለማረጋገጫ የሚያገለግለው እስካሁን ለፍለጋው ያልዋለ ዝርዝር ነው፦ የመስኮት ብዛት፣ የበረንዳ አቀማመጥ፣ የግድግዳ ጥገና፣ የምሰሶ ቦታ።

ፎቶው ላይ በየፎቁ ስድስት መስኮት ይታያል፤ የመጀመሪያው ሕንፃ ላይ ያለው አምስት ነው። ይህን የጊዜ ልዩነት አያስታርቀውም። ሁለተኛው ቦታ ስድስት መስኮት አለው፤ ነገር ግን ፎቶው ላይ ያለው ትልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳ የለም። እዚህ ላይ ተስፋ መቁረጥ አይገባም፤ ሰሌዳ ይተከላል፣ ይነቀላል። የተከፈተው ምስል የቆየ ነበር። See more dates የሚለውን ተጭነው አዲሱን ሲከፍቱ ሰሌዳው ከነብረት እግሩ ታየ።

ቀጥሎ ፎቶ አንሺው የቆመበትን መፈለግ ነው። ፎቶው ላይ የመንገድ መብራቱ ምሰሶ የሦስተኛውን መስኮት ቀኝ ጠርዝ ሸፍኗል፤ የአጥሩ ጫፍ ደግሞ ከፋርማሲው በር ጋር ገጥሟል። በሳተላይት ምስል ላይ በእያንዳንዱ ጥንድ ነገር በኩል አንዳንድ መስመር አስምረው ወደ ጎዳናው ሲያስረዝሙት፣ ሁለቱ በቀኝ በኩል ባለው የእግረኛ መንገድ ላይ ተገናኙ።

ስትሪት ቪው ላይ ግን ምሰሶው ከመስኮቱ ወደ ቀኝ ሸሽቶ ይታያል። ወጣቱ ይህን አይቶ ተጠራጠረ። የስትሪት ቪው መኪና የሚሄደው በመንገዱ መሐል ነው፤ ማለትም ካሜራው ከፎቶ አንሺው በስተግራ ነበር። ካሜራ ወደ ግራ ሲሄድ ቅርቡ ነገር ከሩቁ አንጻር ወደ ቀኝ ይሸሻል፤ ስለዚህ ልዩነቱ የሚጠበቅ ነው። ምሰሶው ወደ ግራ ሸሽቶ ቢገኝ ኖሮ ያን ጊዜ መጨነቅ ይገባል። ማጉላትም ይህን አያስተካክለውም፤ ማጉላት ምስሉን ያቀርባል እንጂ የትኛው ነገር የትኛውን እንደሚሸፍን አይለውጥም። ያንን የሚለውጠው የቆሙበት ቦታ ብቻ ነው።

ሌላው አጣሪ ያንኑ እይታ እንዲከፍት ማስፈንጠሪያውን በዚህ መልክ መዝገቡ ላይ አኖሩት፦

```
https://www.google.com/maps/@?api=1&map_action=pano&viewpoint=LAT,LNG&heading=75&pitch=0&fov=60
```

LAT,LNG በሚለው ቦታ መጋጠሚያው ይገባል፤ heading ካሜራው የሚያይበት አቅጣጫ በዲግሪ ሲሆን 0 ሰሜን ነው። ከጎኑ ምስሉ የተነሣበት ወርና ዓመት ተጻፈ፤ ማስፈንጠሪያው ብቻውን የሚከፍተው ሌላ ጊዜ የተነሣ ምስል ሊሆን ይችላልና።