«ለእኔስ ማን ያስታጥበኛል?»

ከትምህርት ገበታ ውጭ ለሆኑ ሕፃናት የሚሰራጭ የሬዲዮ ትምህርት ስናዘጋጅ የስክሪፕቱ አርታኢ ነበርኩ። ቢሯችን ደብረ ብርሃን ነው። አድማጮቻችን ከ7 እስከ 11 ዓመት የሆናቸው ልጆች ናቸው፤ አንዳንዶቹ በመንዝና በጣርማበር ደጋ በግ ይጠብቃሉ፣ ሌሎቹ ደግሞ በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወደ ሰሜን ሸዋ ሲዘልቅ ከቤተሰቦቻቸው ጋር ተፈናቅለው ትምህርታቸው ተቋርጦባቸዋል። መጽሐፍ፣ ሥዕልም ሆነ ሰሌዳ የላቸውም። ከእኛ ወደ እነርሱ የሚደርሰው ድምፅ ብቻ ነው።

ስለ እጅ መታጠብ የተጻፈው የ15 ደቂቃ ትምህርት ከጤና ባለሙያዎች ተዘጋጅቶ ሲደርሰኝ በይዘቱ እንከን አልነበረበትም። እጅ መቼ እንደሚታጠብ፣ ሳሙና ለምን እንደሚያስፈልግ፣ እሽታው ቢያንስ 20 ሰከንድ መቆየት እንዳለበት ሁሉ ተጽፏል። ወደ ስቱዲዮ ከመግባታችን በፊት ግን በስልክ ቀድተነው ለልጆች እናሰማ ብዬ አጥብቄ ጠየቅሁ። የሬዲዮ ጽሑፍ ወረቀት ላይ ያማረ ስለሆነ ብቻ ይሠራል ማለት አይደለም። አስተማሪው ተማሪውን አያየውም፤ ተማሪው ግር ቢለው እጅ አውጥቶ መጠየቅ አይችልም። ስለዚህ ልጁ የት ላይ ግር እንደሚለው ከስርጭቱ በፊት አጠገቡ ቁጭ ብሎ ማየት ግድ ነው።

ከከተማው ዳር በአንዲት እናት ግቢ ውስጥ ልጆቹን ሰበሰብን። የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያም አብራን ነበረች። ሳሙናና ውሃ አቀረብንላቸው፤ ቅጂውን በድምፅ ማጉያ ከፍተን እኛ ወደ አጥሩ ጥግ ሸሸን። ምንም ላለመናገር ተስማምተናል፤ ምክንያቱም ሬዲዮው እነርሱ ቤት ሲናገር እኛ ከጎን ሆነን የምናስረዳበት ዕድል የለም።

መጀመሪያ የውሃ ድምፅ ተሰማ፤ ከቧንቧ የሚወርድ ውሃ ተቀድቶ የገባ ነው። ከልጆቹ አንዱ ቀና ብሎ ሰማዩን አየና «ዝናብ ነው» አለ። ሌሎቹም ተስማሙ። ውሃ ከምንጭ በጀሪካን ለሚቀዳ ልጅ የቧንቧ ፏፏታ የክረምት ዶፍ ቢመስለው አይፈረድበትም። ድምፅ ብቻውን ሲሰማ ብዙ ነገር ይመስላል፤ ምንነቱ አስቀድሞ በቃል ካልተነገረ አድማጩ የሚያውቀውን ይሰጠዋል። ይህን በቀላሉ አረምነው፦ ተራኪዋ «ከጀሪካኑ ውሃ ልቅዳ» ትላለች፤ ከዚያ በኋላ የጀሪካን ውሃ ሲንዶቆዶቅ ይሰማል።

ከዚያ አስተማሪው «አሁን እጃችሁን እንዲህ እያደረጋችሁ እሹ» አለ። ልጆቹ ሁሉ ድምፅ ማጉያውን አዩት። ስክሪፕቱን የጻፈው ባለሙያ ሲጽፍ የራሱን እጅ እያሸ እንደነበር አልጠራጠርም፤ ለእርሱ «እንዲህ» ግልጽ ነበር። ቆይቼ ጽሑፉን ስመረምረው «እንዲህ»፣ «እዚህ ጋ»፣ «በዚህ በኩል» የሚሉ ቃላት በየገጹ ተበትነው አገኘሁ። በሬዲዮ እነዚህ ቃላት ባዶ ናቸው። በእያንዳንዳቸው ቦታ የአካሉ ክፍል ስምና እንቅስቃሴው መግባት አለበት፦ መዳፍ ከመዳፍ ጋር፣ የአንዱ እጅ መዳፍ በሌላው እጅ ጀርባ ላይ፣ ጣቶች በጣቶች መካከል። አስተማሪው «አሁን እጅ ቀይሩ» ማለትንም መርሳት የለበትም፤ ሳይነገራቸው የቀየሩት ልጆች ጥቂት ነበሩ።

ቀጥሎ የመጣው ዝምታ ነው። በስክሪፕቱ ላይ «ልጆቹ እስኪታጠቡ ዝምታ» የሚል ማስታወሻ ነበረ፤ አንባቢው ደግሞ ትንፋሽ የመሰብሰብ ያህል ጠብቆ ቀጠለ። ልጆቹ ሳሙናውን ገና ሲያነሱ ትምህርቱ «ጎበዞች! አሁን ተለቃለቁ» አላቸው። ታዘዙ፤ አረፋ ሳይወጣ ተለቃለቁ። ዝምታውን ወደ 20 ሰከንድ ብናረዝመውስ ብለን እዚያው ሞከርን። ወደ አሥረኛው ሰከንድ ገደማ አንድ ልጅ ተነሥቶ ማጉያውን በመዳፉ መታ መታ አደረገው፤ ባትሪው ያለቀ መስሎታል። ቴክኒሻናችንም ሲሰማ ተቃወመ፤ በእርሱ ሙያ 20 ሰከንድ ዝም ያለ ጣቢያ የተቋረጠ ጣቢያ ነው።

አድማጩ እየመለሰና እየሠራ የሚማርበት የሬዲዮ ትምህርት በ1970ዎቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ኒካራጓ ውስጥ ለሒሳብ ከተሞከረበት ጊዜ ጀምሮ የአሠራሩ ልብ ይህ ክፍተት ነው። ለአንድ ቃል መልስ ሁለት ሦስት ሰከንድ ይበቃል፤ ለሥራ የሚተወው ጊዜ ግን የሚለካው በአንባቢው ትንፋሽ ሳይሆን ከሞከሩት ልጆች በዘገየው ነው። ክፍተቱ ረጅም ሲሆን ደግሞ ባዶ መተው የለበትም። ስለዚህ ዝምታውን በግጥም ሞላነው፤ ግጥሙም ሰዓት ቆጣሪ፣ እግረ መንገዱንም መመሪያ እንዲሆን አድርገን ጻፍነው።

መዳፍ ከመዳፍ፣ እሽት እሽት፣
የእጄ ጀርባ፣ እሽት እሽት፣
በጣቶቼ መሃል፣ ገባ ወጣ፣
አውራ ጣቴ ና፣ ተራህ መጣ፣
ጥፍሬን በመዳፌ፣ ፋቅ ፋቅ፣
እድፉ ይነሣ፣ ጀርሙ ይልቀቅ።

በዝግታ ሁለት ጊዜ ሲባል፣ በመካከሉም «እጅ ቀይሩ» ሲጨመርበት፣ ከ20 ሰከንድ ያልፋል። ሁለተኛው ዙር ላይ ልጆቹ አብረው ሲሉት ሰማን። ሰዓት ለሌለው ልጅ ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ሬዲዮው በሌለበት ቀንም ግጥሙ አብሮት ይሄዳል።

እስከዚህ ያሉት ሁሉ የሬዲዮ ሙያ ነገሮች ናቸው፤ ልምድ ያለው አዘጋጅ ቢሮው ተቀምጦም ሊደርስባቸው ይችል ይሆናል። ከግቢው ያገኘነው ዋናው ነገር ግን ከአንዲት ልጅ ጥያቄ መጣ። ትምህርቱ «ምግብ ከመብላታችሁ በፊት ሌላ ሰው ውሃ እያፈሰሰላችሁ እጃችሁን በሳሙና ታጠቡ» ይላል። ቅጂው ካለቀ በኋላ ስናነጋግራቸው ልጅቷ ወደ እኔ ዞራ «ጋሼ፣ የማስታጥበው እኮ እኔ ነኝ፤ ለእኔስ ማን ያስታጥበኛል?» አለችኝ።

መልስ አጣሁ። በየቤታችን ያለውን ሥርዓት ሁላችንም እናውቀዋለን። ማዕድ ሲቀርብ ጆጉንና ማስታጠቢያውን ይዞ የሚዞረው ልጅ ነው፤ ከአባት ጀምሮ በዕድሜ ቅደም ተከተል ያስታጥባል፤ ሁሉም ታጥበው ሲቀመጡ እርሱ በቀረችው ውሃ ጣቶቹን ነክሮ ይቀመጣል፣ አንዳንዴም ያንን አያደርግም። የግቢው ባለቤት እናት ሌላም ነገር ጨመሩልን፦ «ሳሙናው ከተበላ በኋላ ነው የሚመጣው፤ የወጡን ቅባት ለማስለቀቅ።» ከመብላት በፊት ውሃ ብቻ ይበቃል ማለት ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ በጭንቅላቷ እሺታ ሰጠቻቸው፤ በምትዞርባቸው ቤቶች የምታየው ይህንኑ ነው። የሳሙናን ሥራ ግን ከዚያው ከቅባቱ ተነሥታ ለልጆቹ አስረዳቻቸው፦ «ሳሙና የወጡን ቅባት እንደሚያስለቅቅ፣ በዓይን የማይታየውን ጀርምም ከቆዳ ላይ ያስለቅቀዋል፤ ውሃው ደግሞ ጠርጎ ይወስደዋል። ውሃ ብቻውን ይህን በደንብ አያደርገውም።» ይህን ማብራሪያዋን ቃል በቃል ማለት ይቻላል ወደ ስክሪፕቱ ወሰድነው፤ ከእኛ ይበልጣልና።

የልጅቷ ጥያቄ ግን በማብራሪያ የሚመለስ አይደለም። ብቻውን የሆነ ልጅ በአንድ እጁ ጆግ ይዞ በሌላው ሊታጠብ አይችልም። በግ ጥበቃ የዋለ ልጅማ አስታጣቢም ጆግም የለውም። ስለዚህ ያለ አስታጣቢ የሚታጠቡበትን መላ ራሱን ትምህርቱ ውስጥ ማስገባት ነበረብን፤ መላውም በድምፅ ብቻ ሊነገር የሚችል መሆን አለበት።

የመረጥነው ባዶ የውሃ ፕላስቲክ ጠርሙስ ነው። ከታች በኩል ከመቀመጫው ከፍ ብሎ ጎኑ በወስፌ ጫፍ አንድ ቦታ ይበሳል፤ ወስፌ ስፌት የሚሰፋበት ቤት ሁሉ አለ፤ መብሳቱን ግን ትልቅ ሰው እንዲያደርገው ስክሪፕቱ በግልጽ ያዛል። ቀዳዳው በጣት ተይዞ ውሃ ይሞላና ክዳኑ ጥብቅ ተደርጎ ይዘጋል። ከዚያ ጣት ሲነሣ ጥቂት ጠብታ ይወርድና ይቆማል፤ ከላይ አየር ካልገባ ውሃው መውረድ አይችልም፣ ከውጭ ያለው አየርም ቀዳዳው ላይ ይገፋዋል። ክዳኑ ላላ ሲል ቀጭን ውሃ ይወርዳል። በአንገቱ በገመድ ታስሮ አጥር ላይ ይሰቀላል። ቀዳዳው ከሰፋ ግን አየር በዚያው ይገባና ክዳኑ ተዘግቶም ውሃው አይቆምም። ይህን ለማወቅ ማየት አያስፈልግም፤ ስክሪፕቱ «ክዳኑን አጥብቁ። አሁንም ይፈሳል? ከፈሰሰ ቀዳዳው ሰፍቷል፤ ሌላ ጠርሙስ ፈልጉ» ብሎ ይጠይቃል፣ ይጠብቃል፣ ይመልሳል።

አንድ ሳንካ ነበረው። ክዳኑን መጀመሪያ የሚያላላው ያልታጠበ እጅ ነው፤ ታጥቦ ሲጨርስ መልሶ ሲዘጋው ያንኑ ቆሻሻ ይነካል። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ናት ያየችው። መፍትሔው በቅደም ተከተሉ ውስጥ ተገኘ፦ አላሉ፣ እጃችሁን አርጥቡ፣ ዝጉ፣ ሳሙና ቀቡ፣ ከግጥሙ ጋር እሹ፣ በአረፋ እጃችሁ ክዳኑንም እሹና አላሉት፣ እጃችሁን ተለቃለቁ፣ ክዳኑንም በውሃ አለቅልቁና ዝጉ። በእሽታው ጊዜ ውሃው ስለሚዘጋም አንዲት ጠርሙስ ከአንድ ሰው በላይ ታጥባለች፤ ውሃ ከሩቅ ለሚቀዳ ቤት ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

የታረመውን ቅጂ በዚያው ግቢ ከሌሎች ልጆች ጋር ደግመን ሞከርነው። ጠርሙሱን መሥራት ለሁለት ትምህርት ከፈልነው፤ በአንድ ስርጭት ሠርቶ መታጠብ ለልጅ ይበዛል። በመጀመሪያው ቀን ጠርሙሱ ይበሳና ይሰቀላል፤ በሁለተኛው ግጥሙና መታጠቡ ይመጣል። ሁለተኛው ትምህርት ሲጀምር የአንድ ደቂቃ ዜማ ይገባል፤ ልጁ ሳሙናውን ፈልጎ የሚያመጣበት ጊዜ ነው። ሳሙና ከሌለ ንጹሕ የምድጃ አመድ እንዲያመጣ ይነገረዋል፤ ሳሙናን የሚተካው ግን ሳሙና በጠፋ ጊዜ ብቻ መሆኑም አብሮ ይነገረዋል።

ያልተፈታው የሰዓቱ ጉዳይ ነበር። በጠዋት ብናሰራጭ እረኛው መስክ ላይ ነው፤ በምሽት ብናሰራጭ ሬዲዮው የአባት ነው፣ አባትም ዜና ይሰማል። በመጨረሻ ከብቱ ገብቶ እራት ሳይቀርብ ያለችውን ሰዓት መረጥን። አስተማሪው ትምህርቱን ሲጀምር የቤቱን ትልልቅ ሰዎች በአክብሮት ሰላም ብሎ አንድ ነገር ይለምናቸዋል፦ «ዛሬ ማታ ልጁ ካስታጠባችሁ በኋላ፣ ጆጉን ተቀብላችሁ እናንተም እርሱን አስታጥቡት።»