ማየት ብቻ ነው ያየሁት

ፋሲካ ሊደርስ ጥቂት ቀናት ቀርተውት ነበር። ያኔ የምሠራበት ድርጅት የአገር አቋራጭ አውቶቡስ ትኬት በስልክና በድረ ገጽ ይሸጥ ነበር። ደሴ፣ ጎንደርና ጅማ የሚሄደው ሰው ሁሉ ወንበር የሚፈልግበት ሳምንት ነው። በዚያ ሳምንት፣ በአንድ ረፋድ፣ ሽያጩ 34 ደቂቃ ቆመ። የግምገማውን ሰነድ የመጻፍ ዕጣ ደግሞ ለእኔ ወጣ።

«ግምገማ» የሚለው ቃል እኛ አገር ሸክሙ ከባድ ነው። ሰው ተነስቶ የሚወቀስበት ስብሰባ ነው ትዝ የሚለን። የቡድን መሪያችን ይህን ስለሚያውቅ ገና ከጅምሩ «የምትጽፈው መቼ ምን እንደሆነ፣ ማን እንደተጎዳና ለምን እንደሆነ ነው። የሰው ስም እንዳላይ» አለኝ። ቀላል መስሎኝ ነበር።

የመጀመሪያው ፈተና ሰዓቱ ሆነ። የመናኸሪያ ወኪሎቻችን «3 ሰዓት ከ10 ገደማ ቆመ» ብለዋል። የእኛ የቡድን መልእክቶች ላይ ያለው የስልክ ሰዓት 9:10 ይላል። የሰርቨሩ ሎግ ደግሞ በዓለም አቀፉ መነሻ ሰዓት፣ በዩቲሲ፣ ስለሚጻፍ 06:10 ይላል። ሦስቱም አንድ ደቂቃ ናቸው። እኔ ግን የወኪሎቹን 3፡10 ይዤ ሎጉ ላይ 03:10 ፈለግሁ። እዚያ ላይ የሌሊቱ ባክአፕ እየሠራ አገኘሁት። ባክአፕም ሰንጠረዦችን ያነባል፣ ስለዚህ ተጠርጣሪ ለመሆን ይበቃል። ግማሽ ቀን ሙሉ ባክአፑን ከሰስኩት። መሪያችን ረቂቁን አይቶ ሳቀ። «ይሄ እኮ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ10 ነው። ያኔ ሁላችንም ተኝተናል።» ከዚያ በኋላ በሰነዱ ላይ አንድ ሰዓት ብቻ፣ የእኛኑ፣ ተጠቀምኩ። ከዚህ በታች ያለውም በእሱ ነው።

2፡40 ላይ የሂሳብ ክፍል ባልደረባችን የሳምንቱን ሽያጭ ለማየት በአንድ የሪፖርት ፕሮግራም ዳታቤዙን ከፈቱ። የጠየቁት መረጃ በጥቂት ሴኮንድ መጣላቸው። ፕሮግራሙ ግን ትራንዛክሽን ከፍቶ ካነበበ በኋላ በራሱ የማይዘጋ ነበር፤ ትራንዛክሽን ደግሞ እስኪዘጋ ድረስ ያነበበውን ሰንጠረዥ ይዞ ይቆያል። እሳቸው ይህን በምን ያውቃሉ? ቁጥሩን አዩ፣ ጻፉ፣ መስኮቱን ሳይዘጉ ጥቁር ሻይ ሊጠጡ ወረዱ።

3፡10 ላይ አንዱ ልጃችን አዲስ ሥሪት መልቀቅ ጀመረ። የመጀመሪያው እርምጃ ቦታ ማስያዣው ሰንጠረዥ ላይ የመታወቂያ ቁጥር የሚጻፍበት አንድ ዓምድ መጨመር ነው። ዳታቤዛችን ፖስትግሬስ ነው። እዚያ ላይ ባዶ ዓምድ መጨመር የሚሊሴኮንዶች ሥራ ነው፤ የሰንጠረዡ መግለጫ ይቀየራል እንጂ ረድፎቹ አይነኩም። ሙከራው ሰርቨር ላይም ዓይን ሳይጨፈን አልቆ ነበር።

ችግሩ ያቺ ሚሊሴኮንድ ሰንጠረዡን ለብቻዋ የምትይዝበት ቁልፍ የምትፈልግ መሆኗ ነው። የኮንዶሚኒየም ደረጃ አስቡ። አንድ ጎረቤት ደረጃው ላይ ተቀምጦ ስልክ ያወራል። ማንንም አይከለክልም፣ ሰው በጎኑ ያልፋል። ከዚያ ሶፋ የተሸከሙ ሰዎች መጡ። ሶፋው እንዲያልፍ ደረጃው ሙሉ በሙሉ ባዶ መሆን አለበት፣ ስለዚህ ቆመው ይጠብቃሉ። የሕንፃው ደንብ ደግሞ ከሶፋው በኋላ የመጣ ሰው ከሶፋው ኋላ ይሰለፋል የሚል ነው። ባለ ስልኩ እስኪነሳ ሕንፃው ሁሉ ቆመ ማለት ነው።

የሂሳብ ክፍሉ ክፍት ትራንዛክሽን ባለ ስልኩ ነው። ዓምዱን የሚጨምረው የእኛ `ALTER TABLE` ትዕዛዝ ሶፋው። ከ3፡10 በኋላ ወንበር ሊይዝ የመጣው ደንበኛ ሁሉ ከሶፋው ኋላ ተሰለፈ። መተግበሪያው ለዳታቤዙ የሚከፍታቸው 40 ግንኙነቶች አንድ ደቂቃ ሳይሞላ አለቁ።

ማንቂያ አልጮኸም። የጤና መከታተያችን በራሱ ግንኙነት በየደቂቃው `SELECT 1` ይጠይቃል፤ ይህ ጥያቄ የትኛውንም ሰንጠረዥ ስለማይነካ መልሱ ሁልጊዜ ደህና ነው። የወንበር ሥዕሉም ቀድሞ ከተቀመጠ ቅጂ፣ ከካሽ፣ ስለሚመጣ ገጹ ይከፈታል። «ያዝ» የሚለውን ሲጫኑ ብቻ ክቧ ትሽከረከራለች። ስለዚህ የሰማነው 3፡19 ላይ፣ ከመናኸሪያ ወኪል በስልክ ነው። «ኧረ ሰው እየጮኸብኝ ነው!»

ቀጥሎ ያደረግነው ነው የሚያሳፍረኝ። መጀመሪያ የተጠረጠረው አዲሱ ሥሪት ነበር። ልጁ ግን «ገና አልወጣም፣ የመጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው ያለው» አለ። እኛም እሱን ተውነው። ያላለቀ ነገር ጥፋት ሊያደርስ አይችልም ብለን ነው መሰለኝ። 3፡24 ላይ መተግበሪያውን አጥፍተን አስነሳን። ለግማሽ ደቂቃ ያህል ሕይወት የዘራ መሰለ፣ ከዚያ ተመልሶ ደረቀ። 3፡31 ላይ ደገምነው። አሁን ሎጉ ላይ አዲስ ስህተት መጣ፦ `remaining connection slots are reserved`።

ምን ሆኖ ነው? ፖስትግሬስ ቁልፍ የሚጠብቅ ጥያቄ ባለቤቱ ትቶት እንደሄደ፣ ካልተነገረው በቀር፣ አያውቅም። መተግበሪያውን ስናጠፋ የእኛ ጎን ሞተ። ዳታቤዙ ውስጥ ግን 40ዎቹ ተራ ጠባቂዎች እንደቆሙ ናቸው። አዲሱ መተግበሪያ ሌላ 40 ጨመረ፣ ሁለተኛው ማስነሳት ደግሞ ቀሪውን ጠረገ። ጣሪያው 100 ነው፤ ከዚያ ውስጥ 3ቱ ለአስተዳዳሪ የተጠበቁ ናቸው። እነዚያ 3 ባይኖሩ ዳታቤዙን አጥፍቶ ከማስነሳት ሌላ መላ አልነበረንም።

3፡41 ላይ መሪያችን በአንዷ የአስተዳዳሪ ቦታ ገባና ይህን ጠየቀ፦

```sql
SELECT pid, state, pg_blocking_pids(pid),
       now() - xact_start AS age,
       left(query, 40)
FROM pg_stat_activity
WHERE xact_start IS NOT NULL
ORDER BY xact_start;
```

ሁሉም ነገር እዚያ ነበር። አናቱ ላይ አንድ ረድፍ፦ `idle in transaction`፣ ማለትም ሥራ ፈትቶ የተከፈተ ትራንዛክሽን፣ ዕድሜው አንድ ሰዓት ከአንድ ደቂቃ። ከሥሩ የእኛ `ALTER TABLE`፣ የሚጠብቀው የላይኛውን። ከዚያ በታች የማያልቅ ዝርዝር፣ ሁሉም `ALTER`ን የሚጠብቅ። እኔ የላይኛውን እንግደለው አልኩ። እሱ ግን ሶፋውን ማስመለስ ይቀላል አለ፦ የዓምዱ ነገር ነገም ይደርሳል፣ የማናውቀውን ሰው ሥራ ግን አናቋርጥ። በ`pg_cancel_backend` ሰረዘው። 3፡44 ላይ ሰልፉ በሴኮንዶች ውስጥ ፈሰሰ። የሂሳብ ክፍሉ መስኮት ክፍት እንደሆነ ሽያጩ ቀጠለ።

እኛም አለቀ ብለን ሻይ አዘዝን።

5 ሰዓት ገደማ ሌላ ስልክ መጣ። «የነገው ደሴ ሞልቷል ይላል፤ ከፍሎ የያዘው ግን ግማሹ አይሆንም።» በሰንጠረዡ ላይ ስናይ 38 ወንበሮች በአንዲት ሴኮንድ፣ ልክ 3፡44 ላይ ተይዘዋል። ቅድም የተናገርኳቸው ባለቤት አልባ ጠባቂዎች ናቸው። ወንበር መያዝ በእኛ ሥርዓት ውስጥ አንድ ነጠላ `INSERT` ነው። ሰልፉ ሲፈታ ዳታቤዙ እያንዳንዱን በታማኝነት ፈጸመ፣ መዘገበ፣ ከዚያ መልሱን ሊሰጥ ዞር ሲል የሚቀበለው የለም። ደንበኛው ግን ከ20 ደቂቃ በፊት ተስፋ ቆርጦ ሄዷል።

ከሁሉ የከፋው ሲስተሙ ለእነዚህ ሰዎች «ወንበርዎ ተይዟል» የሚል የጽሑፍ መልእክት መላኩ ነው። አንድ ሰው ሦስት ወንበር ሞክሮ ስለነበር ሦስት መልእክት ደረሰው። ሌላ ቦታ ትኬት ቆርጦ ጨርሷል። ያልተከፈለበት ወንበር የሚለቀቀው ከሦስት ሰዓት በኋላ ስለሆነ፣ በእጃችን አንድ በአንድ አጣርተን 5፡30 ላይ ለቀቅናቸው። ስለዚህ በሰነዱ ላይ የደንበኛ ጉዳት ብዬ የጻፍኩት 34 ደቂቃ አይደለም። ለ38ቱ ወንበሮች ከ3፡10 እስከ 5፡30 ነው። «ሞልቷል» ተብሎ የተመለሰውን ሰው ቁጥር ልናውቅ አልቻልንም፣ የማንመዘግበው ነገር ነበርና። ይህንንም እንዲሁ ጻፍኩት።

ግምገማው ላይ የሂሳብ ክፍሏን ባልደረባችንንም ጠራናቸው። ገና ሳይቀመጡ «ልጄ፣ እኔ እኮ ምንም አልነካሁም። ማየት ብቻ ነው ያየሁት» አሉ። ልክ ናቸው። እኔ ግን በረቂቄ ላይ ዋና መንስኤ ብዬ «ክፍት የተተወ የሪፖርት መስኮት» ጽፌ ነበር። መሪያችን እዚያው ሰረዘው። «እሳቸው ነገም ሻይ ይጠጣሉ» አለ።

በምትኩ የገባው ይህ ነው፦ የለውጥ ትዕዛዛችን ገደብ ሳይኖረው በሰልፉ አናት ላይ ይቆማል። ማስተካከያውም አንድ መስመር ሆነ።

```sql
SET lock_timeout = '3s';
ALTER TABLE bookings ADD COLUMN id_number text;
```

በ3 ሴኮንድ ውስጥ ተራ ካላገኘ ይተወዋል፣ ሰልፉ ይለቀቃል፣ አዲስ ሥሪት የሚለቀው ፕሮግራም፣ ማሰማሪያው፣ ከአንድ ደቂቃ በኋላ ደግሞ ይሞክራል። ደንበኛው ቢበዛ 3 ሴኮንድ ይጠብቃል። ይህ ገደብ የሚሠራው ግን ቁልፉን እስኪያገኝ ብቻ ነው። ሰንጠረዡን እንደገና የሚጽፍ ለውጥ ከሆነ ቁልፉን ካገኘ በኋላ ረጅም ሰዓት ይይዘዋል፤ ለእሱ `lock_timeout` ምንም አይፈይድም። እንዲህ ያለውን ለሌሊት አቆየነው።

ለመናፍስቱ ወንበሮች ደግሞ ለመተግበሪያው ተጠቃሚ `statement_timeout` 10 ሴኮንድ አደረግን። ይህ ቁልፍ የሚጠበቅበትንም ጊዜ ይቆጥራል፣ ስለዚህ ባለቤቱ የሄደ ጥያቄ 10 ሴኮንድ ሲሞላው አብሮ ይሞታል። የጤና መከታተያውም አሁን ቦታ ማስያዣውን ሰንጠረዥ ራሱን ያነባል። ለሪፖርት ተጠቃሚዎች ደግሞ ሥራ ፈትቶ የተከፈተ ትራንዛክሽን በ5 ደቂቃ እንዲዘጋ አደረግን።

ከወር በላይ አልፎ ሌላ ዓምድ ስንጨምር ማሰማሪያው ላይ `canceling statement due to lock timeout` የሚል ቀይ መስመር መጣ። ከደቂቃ በኋላ ደገመው። ልጁ ዞር ብሎ አየኝ፣ እኔም ሽያጩን አየሁ፤ እየሄደ ነው። ሦስተኛው ሙከራ አለፈ።

ወዲያው ስልኬ ጠራ። ሂሳብ ክፍል ናቸው። «ልጄ፣ ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ይሄ ነገር ተዘጋብኝ። ቀይ እንግሊዝኛ ጽፎብኛል። ደሞ ምን አደረግሁ?»

«ምንም አላደረጉም፤ ቢከፍቱት ይከፈታል» አልኳቸው።