ዘጠኝ ካሬ ከሩብ

ዛሬ ከማለዳ ጀምሮ ያለ ምክንያት ሆዴን ባር ባር ሲለው ዋለ። በዚያ ላይ የደብረ ማርቆስ ዝናብ ከቤት አላስወጣ ብሎኝ ሳለ የታናሽ እህቴ ባል ነገ የሚፈርመውን ውል በፌስታል ጠቅልሎ መጣና «ጋሼ፣ እስቲ አንድ ጊዜ ይዩልኝ» አለኝ። የውሉ ርእስ «የቤት ሽያጭ ውል» ይላል። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሬት ስለማይሸጥ ወረቀቱ ስለ ሁለት የጭቃ ክፍሎች ብቻ ያወራል፤ ክርክሩ ሁሉ ግን በካሬ ነበር።

በውሉ ላይ የቦታው ፊት 12 ሜትር፣ ጀርባው 13፣ ግራው 16፣ ቀኙ 21 ሜትር ተብሎ ተጽፏል። ስፋቱ 231.25 ካሬ ሜትር፣ የአንዱ ካሬ ዋጋ 16,000 ብር፣ ጠቅላላው 3,700,000 ብር ነው። አባዛሁት፤ አንድ ሳንቲም አልዛነፈም። አማቼ በዚህ ልቡ ሲያርፍ እኔ ግን አላረፍኩም፤ ከውሉ ጋር የተያያዘው የይዞታ ካርታ ቅጂ 222 ካሬ ሜትር ይላልና። ደላላው ይህን ሲጠየቅ «ካርታው የቆየ ነው፤ እኛ በሜትር ለክተናል» ብሎ ነበር አሉ።

የለካውስ ለክቷል፤ ችግሩ ያሰላበት መንገድ ነው። ፊትና ጀርባውን ደምሮ ለሁለት አካፈለና 12.5 አገኘ፤ ግራና ቀኙንም እንዲሁ አድርጎ 18.5 አገኘ፤ ሁለቱን አባዛቸው። ይህ ዘዴ ልክ የሚሆነው አራቱም ማዕዘኖች ቀጥ ያሉ ሲሆኑ ነው፤ አለበለዚያ ሁልጊዜ ያበዛል እንጂ አያሳንስም። ምስማሩ የላላ የመስኮት ክፈፍ የጎኖቹ ርዝመት ሳይለወጥ ተገፍቶ እንደሚጋደምና መሐሉ እንደሚጠብ፣ የቦታም አራት ጎን ብቻውን ስፋቱን አይናገርም።

ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ግድም ዝናቡ ጋብ ሲል ሠላሳ ሜትር የሚዘረጋውን ሜትሬን ይዘን ሄድን። ከፊት ቀኝ ማዕዘን እስከ ኋላ ግራ ማዕዘን በሰያፍ ለካን፤ 20 ሜትር ሆነ። 12፣ 16 እና 20 ግንበኞች መሠረት ሲያወጡ የሚጠቀሙበት የ3፣ 4 እና 5 አራት እጥፍ ስለሆነ የፊት ግራው ማዕዘን ቀጥ ያለ ነው። በፊት ቀኝ ማዕዘን ላይም በአንዱ አጥር 3፣ በሌላው 4 ሜትር ምልክት አድርገን መሐሉን ብንለካ 5 ሜትር መጣ። እንግዲህ ግራና ቀኙ ከፊት እስከ ኋላ በ12 ሜትር ተራርቀው ይሄዳሉ ማለት ነው፤ ጀርባው ግን ቦዩን ተከትሎ ሰያፍ ሄዷል። 13ቱ ሜትር የሰያፉ ርዝመት እንጂ የቦታው ወርድ አልነበረም። 12 በ16 192 ይሆናል፤ በኋላ በኩል የተረፈው 5 ሜትር የሚሠራው ሦስት ማዕዘን 30 ይሆናል፤ ድምሩ 222። ካርታው እውነቱን ነው። ደላላው ወርዱን በግማሽ ሜትር አስፍቶት ኖሯል፤ ግማሽ ሜትር በ18.5 ሲባዛ ደግሞ ልዩነቱን ሳይተርፍ ሳይጎድል ያወጣዋል፤ ዘጠኝ ካሬ ከሩብ። ሜትሩ ረግቦ ነው እንዳልል፣ በወርዱ ላይ አሥር ሳንቲሜትር ብንሳሳት እንኳ የሚያመጣው ሁለት ካሬ አይሞላም።

አማቼ እዚያው ጭቃው ላይ ቆሞ 148,000 ብር እንደተረፈለት አሰላና ፊቱ በራ። እኔን ግን ጠዋት የጀመረኝ ነገር እንደገና መጣብኝ። ሻጯ እናት የመጀመሪያው ቀን «ከሦስት ሚሊዮን ሰባት መቶ ሺህ በታች አልሸጥም» ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ስለ ካሬ ያነሱት ነገር አልነበረም። 16,000ው የመጣው ደላላው የሳቸውን ዋጋ ለ231.25 ካካፈለው በኋላ ከሆነ፣ ስፋቱ ሲታረም መለወጥ ያለበት ጠቅላላው ሳይሆን የካሬው ዋጋ ነው፤ 16,666.67 ብር ይሆናል ማለት ነው። ያም ቢሆን መልሶ በ222 ሲባዛ ሰባ አራት ሳንቲም ያስተርፋል። ስለዚህ የሚጸናው ቁጥር የትኛው እንደሆነ ውሉ ራሱ ካልተናገረ በስተቀር ሦስቱን ቁጥሮች ማስማማት ብቻውን የማንን ስምምነት እንደጻፍን አይነግረንም። ይህን ስነግረው አማቼ ዝም አለ፤ ነገ ከመፈረሙ በፊት ሻጯን እንጠይቃቸዋለን።

ይህን ሁሉ ለሰው የምተነትነው ሰውዬ፣ የራሴ ቦታ በወረቀት 10 በ20፣ 200 ካሬ ነው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ስኖርበት አንድ ቀን በሰያፍ ለክቼው አላውቅም። ማዕዘኖቹ ቀጥ ያሉ ከሆኑ 22 ሜትር ከ36 ሳንቲሜትር መምጣት አለበት። ሜትሩ እንደረጠበ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል፤ አጠረኝም ልለው አልችልም። ዝናቡ እንደገና ሲጀምር ግን ለምን ደስ አለኝ?