75 ጠብቄ 69.5 የመጣልኝ ለምንድነው

ባለፈው ሴሚስተር አንድ ኮርስ ላይ 75 ጠብቄ 69.5 መጣልኝ። መጀመሪያ የታየኝ የመምህሩ ስህተት ነበር፣ እንዲያውም ኢሜይል መጻፍ ጀምሬያለሁ። ደግነቱ ሳልልከው ቁጭ ብዬ እንደገና ደመርኩት። ለካ የተሳሳትኩት እኔው ነኝ።

ውጤቶቼ እነዚህ ናቸው። አሳይመንት 38 ከ40፣ ሚድ 18 ከ30፣ ፋይናል 35 ከ50። ወደ ፐርሰንት ሲቀየሩ 95፣ 60 እና 70 ይሆናሉ። እኔ ሦስቱን ደምሬ ለሦስት አካፈልኩና 75 አገኘሁ። ለማረጋገጥ ብዬ ደግሞ ማርኩን በጥሬው ደመርኩት፤ 91 ከ120፣ ማለትም 75.8። ሁለት መንገድ ተቀራራቢ መልስ ሲሰጥ ማን ይጠራጠራል? ችግሩ ሁለቱም ስህተት መሆናቸው ነው። የኮርሱ መግለጫ አሳይመንት 10 ፐርሰንት፣ ሚድ 30፣ ፋይናል 60 ይላል። አማካዩ ግን ሦስቱን እኩል ያያቸዋል። ጥሬ ድምሩ ደግሞ ወረቀቱ ከስንት እንደታረመ እንጂ የተሰጠውን ክብደት አያውቅም። አሳይመንቱ ከ40 ስለታረመ ብቻ ከጠቅላላው አንድ ሦስተኛውን ይዞ ቁጭ ይላል።

ትክክለኛው ስሌት እያንዳንዱን ፐርሰንት በራሱ ክብደት ማባዛት ነው። 95 × 0.10 = 9.5፣ 60 × 0.30 = 18፣ 70 × 0.60 = 42። ድምሩ 69.5። ኢሜይሉን አጠፋሁት።

ከዚያ በኋላ ያናደደኝ ሌላ ነገር ነው። አንድ ማርክ በየቦታው ስንት እንደሚያወጣ አሰላሁ። አሳይመንት ላይ አንድ ማርክ ጠቅላላ ውጤቴን በ0.25 ነው ከፍ የሚያደርገው። ሚድ ላይ በ1፣ ፋይናል ላይ በ1.2። ማለትም ለሁለት ማርክ ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ያፈጠጥኩበት አሳይመንት ያመጣልኝ ግማሽ ነጥብ ብቻ ነው፣ ፋይናል ላይ ግን ሳላነበው የተውኩት ምዕራፍ አምስት ማርክ ስለወሰደብኝ ስድስት ነጥብ አጣሁ። እሱን ምዕራፍ ባነበው ኖሮ 75.5 ነበር።

አሁን ከፋይናል በፊት ነው የማሰላው። ከምፈልገው ውጤት ላይ በእጄ ያለውን ቀንሼ ቀሪውን ለፋይናሉ ክብደት አካፍላለሁ። በዚያ ኮርስ በእጄ የነበረው 9.5 + 18 = 27.5 ነው። 75 ከፈለግኩ 47.5 ይቀረኛል፣ ለ0.60 ሲካፈል 79.2 ገደማ። ከ50 ቢያንስ 40 ማለት ነው። እኔ በአማካይ አስቤ «70 ይበቃኛል» ብዬ ዘና ብዬ ነበር የገባሁት፤ ያንኑ 70 አመጣሁ። መልሱ ከ100 በላይ ከወጣ ደግሞ ያሰባችሁት ውጤት ከእንግዲህ አይደረስበትም ማለት ነው፣ ጉርሻ ማርክ ከሌለ በቀር።

ስፕሬድሺት ላይ ፐርሰንቱን በB፣ ክብደቱን በC አድርጌ ይህን እጽፋለሁ፦

```
=SUMPRODUCT(B2:B4,C2:C4)/SUM(C2:C4)
```

እዚህም ጋ ተሸውጃለሁ። ፋይናል ገና ሳልፈተን ሴሉ ባዶ ሲሆን ፎርሙላው ዜሮ አድርጎ ይቆጥረዋል፣ ክብደቱን 60 ግን ከታች ያካፍልበታል። 27.5 ሲያሳየኝ ደንግጬ ነበር። እስካሁን ያለሁበትን ለማየት B4ንና C4ን አውጥቼ በተፈተንኩት ብቻ አሰላለሁ፤ 27.5 ለ0.40 ሲካፈል 68.75 ይሰጣል። ቶሎ ለመፈተሽ የማያቸው ሁለት ነገሮች አሉ። ክብደቶቹ ተደምረው 100 መምጣት አለባቸው፣ ውጤቱም ከትንሹና ከትልቁ ፐርሰንት መሃል መውደቅ አለበት። 27.5 ከ60 በታች ስለሆነ ገና ሳየው መጠርጠር ነበረብኝ።

ፎርሙላው የማይነግራችሁ ነገርም አለ። አንዳንድ ኮርስ ፋይናሉን ለብቻው ማለፍ ግዴታ ያደርጋል፣ ጠቅላላው የቱንም ያህል ቢያምር። አንዳንዱ ደግሞ ዝቅተኛውን አሳይመንት ይጥላል። ይህ ያለው የኮርሱ መግለጫ ላይ ስለሆነ እኔ አሁን ክብደቶቹን የምገለብጠው ከዚያው ነው፣ ከጓደኛ ጠይቄ አይደለም።

የዚህ ሴሚስተሩ ኮርስ ክብደቱ 30፣ 20፣ 50 ነው። አሳይመንት 80፣ ሚድ 70 አለኝ፤ በእጄ 38 ነጥብ። ለ75 ፋይናል ላይ 74 ያስፈልገኛል። ፈተናው በሦስት ሳምንት ውስጥ ነው፣ ሲወጣ ቁጥሩን ይዤ እመለሳለሁ።