በጅማ ሠርግ፦ ከቀኑ ወደ ኋላ መቁጠር

የሠርጉ ቀን የተቆረጠው ለዳግማይ ትንሣኤ እሑድ፣ ቦታው ጅማ በቤተሰቡ ግቢ ነበር። ተጠሪው 300 ሰው ሲሆን ከእነዚህ 120ዎቹ ሙስሊሞች ናቸው። ኃላፊነቱን እንደተረከብኩ መጀመሪያ የጻፍኩት ገንዘብ ሊያፋጥነው የማይችለውን ነገር ነው። ወንበርና ድንኳን ብር ካለ በአንድ ቀን ይገኛል፤ በርበሬ ግን ያለ ፀሐይ አይደርቅም፣ ጠጅም ጊዜው ሳይሞላ አይጠጣም። የጊዜ ሰሌዳውን ያወጣሁት ከእነዚህ ተነሥቼ ወደ ኋላ እየቆጠርኩ ነው።

በጅማ ዝናቡ መጋቢት ላይ መመላለስ ስለሚጀምር በርበሬው 60 ቀን ሲቀር፣ የካቲት ላይ ተገዝቶ ተሰጣ። ዛላውን ስታወዛውዘው ፍሬው ከተንሿሿና ስትሰብረው ቀጭ ካለ ለወፍጮ ደርሷል። እየታጠፈ ከሆነ ግን ገና እርጥበት አለው፤ ያ ተፈጭቶ ቢቀመጥ ይሻግታል።

ጠጁ 25 ቀን ሲቀር ተጣለ። ለ180 ሰው በግማሽ ሊትር ሒሳብ 90 ሊትር ስለሚያስፈልግ አንድ እጅ ማር በአራት እጅ ውኃ አድርገን 20 ሊትር ማር ተጠቀምን። ማር ከውኃ ስለሚከብድ ይህ በኪሎ ሲመዘን 28 ያህል ይሆናል፤ ሊትርና ኪሎ አንድ ነው ብሎ የሚገዛ ሰው ያጥረዋል። ለሙስሊሞቹ እንግዶች ብርዝ ነበር። ብርዝ ካደረ መፍላት ስለሚጀምር የተበጠበጠው በሠርጉ ዕለት ጠዋት ነው።

ከሁሉ ያስጨነቀኝ እንጀራው ነበር፤ አስቀድሞ ተጋግሮ አይቀመጥም። በዚህ አየር በሦስተኛው ቀን ሻጋታ ሊያሳይ ይችላል። ለአንድ ሰው ሁለት ተኩል ብለን 750 እንጀራ አሰብን። በእኛ ምጣድ አንድ ኪሎ ዱቄት አምስት እንጀራ ስለሚያወጣ ጤፉ 150 ኪሎ ሆነ። ሊጡ ማክሰኞ ተቦክቶ ዓርብና ቅዳሜ ሊጋገር ታቀደ። በአንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ በሰዓት 15 ስለሚወጣ ሦስት ምጣድ 45 ያወጣል፤ ሥራው በጥቅሉ 17 ሰዓት ያህል ነው።

መብራት ቢጠፋስ? ብዙ ሰው «ጄኔሬተር አለን» ብሎ ያልፋል። አንድ ምጣድ ወደ 3.5 ኪሎዋት ይስባል፤ ሦስቱ ከ10 ይበልጣሉ። የተከራየነው ባለ 5 ኪሎዋት ጄኔሬተር ለድምፅና ለአምፖል እንጂ ከአንድ ምጣድ በላይ አይችልም። ስለዚህ መጠባበቂያው ሁለት የማገዶ ምጣድና ከእንጀራ ሻጭ ጋር የተያዘ የ200 እንጀራ ቀብድ ሆነ። ከሁሉ የጠቀመው ግን ውሳኔው የሚሰጥበትን ሰዓት አስቀድሞ መጻፍ ነው፦ መብራት ለሁለት ሰዓት ከጠፋ፣ ማንም ሳይጠየቅ ወደ ማገዶ ይገባል፣ ለሻጯም ይደወላል።

ዓርብ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ጠፋ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ 315 ተጋግሯል፤ የቀረው 435 ነው። 10 ሰዓት ሲሆን ተደወለ፣ 200ው ታዘዘ። ለማገዶ የቀረው 235 በሁለት ምጣድ በሰዓት 24 ሒሳብ የ10 ሰዓት ሥራ ስለሆነ ዓርብ ማታና ቅዳሜ ጠዋት ተከፈለ። እዚህ ላይ የተሳሳትኩት የማገዶ ምጣዶቹን አዲስ ገዝቼ ሳላሟሽ ማስቀመጤ ነው። የመጀመሪያዎቹ እንጀራዎች ተጣብቀው ተቀደዱ፤ ምጣዱ በጎመን ዘር እስኪሟሽ ከአንድ ሰዓት በላይ ባከነ። ለመጠባበቂያ የተያዘ ዕቃ ሳምንት ሲቀረው ሥራ ላይ ውሎ መታየት አለበት፤ እንጨቱም ዝናብ በማይደርስበት ቦታ መከመር አለበት።

የሥጋው ነገር በጅማ ሠርግ ሁለት ወጥ ቤት ማለት ነው። የክርስቲያኑና የእስላሙ ከብት ለየብቻ ይታረዳል፤ ቢላዋውም ድስቱም ወጥ ሠሪውም ይለያያል። ችግር የሚፈጠረው ወጥ ቤት ውስጥ ሳይሆን መስተንግዶው ላይ ነው፤ ሰው ሲበዛ አንዱ ጭልፋ ወደ ሌላው ገበታ ይሻገራል። ጭልፋዎቹን እጀታቸው ላይ ቀይና አረንጓዴ ጨርቅ አሰርንባቸው፣ አስተናጋጆቹንም ለየወገኑ መደብን፣ ገበታዎቹንም በግቢው ሁለት ጫፍ አቆምን። ቀኑ እሑድ፣ ወቅቱም ጾም የሌለበት በዓለ ኀምሳ ስለሆነ ሦስተኛ፣ የጾም ገበታ አላስፈለገም፤ በሌላ ወቅት ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ እሱም ይታሰብ።

ለዝናቡ ድንኳኑ 30 ቀን ሲቀር ተይዟል። እግር የሚያርሰው ግን አብዛኛውን ጊዜ ከላይ የሚወርደው ሳይሆን በመሬት የሚመጣው ጎርፍ ስለሆነ ቅዳሜ ዙሪያውን አንድ ስንዝር ጥልቀት ያለው ቦይ ተቆፈረ። ሸራው ላይ ውኃ እንዳይጠራቀምም ከመሐሉ በረጅም እንጨት ከፍ ተደረገ። እሑድ ከ9 ሰዓት በኋላ ዘነበ፤ ውኃው በቦዩ ወደ በሩ ወረደ።