ሳናውቀው የተፈረመው የብሎኬት ውል

ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ሦስት ሆነን ብሎኬት እናመርታለን። የተመዘገብነው የኅብረት ሽርክና ማኅበር ሆነን ነው። ሥራ አስኪያጁ ከሦስታችን አንዱ ነው፤ እሱም ሳይነግረን ከአንድ ሥራ ተቋራጭ ጋር ተዋዋለ። ውሉ 20,000 ብሎኬት ነው፤ አንዱ በ30 ብር፣ ዋጋው የማይቀየር፣ ለዘገየበት ቀን ደግሞ ቅጣት ያለው። 180,000 ብር ቅድሚያ ክፍያም ተቀብሏል። ሲሚንቶ ሲጨምር አንዱ ብሎኬት ለራሳችን 34 ብር ይፈጅብን ጀመር። ነገሩን ያወቅነው የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ሲደርሰን ነው።

ሦስተኛው ሸሪካችን "እኔ መች ፈረምኩ? አይመለከተኝም" አለ። እዚህ ጋ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው። በኅብረት ሽርክና እያንዳንዱ ሸሪክ ለማኅበሩ ዕዳ በአንድነትና በነጠላ፣ ያለገደብ ኃላፊ ነው። ባለገንዘቡ መጀመሪያ ማኅበሩን ይጠይቃል፤ ካልተከፈለው ግን ሙሉውን ዕዳ ከማንኛችንም መጠየቅ ይችላል። ቤት ያለው ሸሪክ ቀድሞ ይነካል ማለት ነው።

ጠበቃ ዘንድ ሄድኩ። ሁለት ነገር ጠየቀኝ። አንደኛው፣ ብሎኬት መሸጥ ከማኅበሩ ዓላማ ውስጥ ነው ወይ? ነው። ለወንድሙ ብድር ዋስ ሆኖ ቢፈርም ኖሮ ሌላ ክርክር ነበረን። ሁለተኛው፣ ሥልጣኑ ላይ ገደብ አለ ወይ? አለ፤ ከ200,000 ብር በላይ ያለ ውል ሁለት ፊርማ ይፈልጋል ብለን በቃለ ጉባኤ ወስነናል። ግን ቃለ ጉባኤው መሳቢያችን ውስጥ እንጂ በንግድ መዝገብ አልገባም። ያልተመዘገበ ገደብ ደግሞ ሳያውቀው በቅን ልቦና የተዋዋለን ሰው አያስገድድም። ያውቅ እንደነበር ለማሳየት የተላላክነውን ደብዳቤ ሁሉ አገላበጥኩ፤ አንድም አጣሁ። የተቋራጩ ሰውዬም "እኛ የምናውቀው ማኅተሙን ነው" አለኝ፤ ልክ ነው።

ስለዚህ ውሉን ከማፍረስ መደራደር መረጥን። ሙሉውን ብናቀርብ 80,000 ብር እንከስራለን። የሲሚንቶ ደረሰኞች ይዤ ተቋራጩ ዘንድ ሄድኩ። እሱም የቸኮለው ለመጀመሪያው ፎቅ ስለነበር፣ 12,000ውን በድሮው ዋጋ አቅርበን የቀረውን በስምምነት ሰረዝን። ስምምነቱን በጽሑፍ አድርገን ሦስታችንም ፈረምን፤ ቅጣቱ እንደቀረም በግልጽ ጻፍን። ያለዚያ ነገ ተመልሶ ይመጣል።

48,000 ብር ከሰርን። ይሄ በእኛ መካከል ሌላ ሒሳብ ነው። ቃለ ጉባኤው ለውጭ ሰው ባይሠራም እርስ በርሳችን ያስረናል፤ ሥራ አስኪያጁ ገደቡን አልፎ ያደረሰውን ጉዳት ለማኅበሩ ይተካል። መጀመሪያ ተኮራረፍን፣ በኋላ ከዓመቱ ትርፍ ድርሻው ላይ እንዲቀነስ ተስማማን።

ከዚያ የሁለት ፊርማውን ድንጋጌ በመመሥረቻ ጽሑፉ ማሻሻያ ውስጥ አስገብተን አረጋገጥነው፣ በንግድ መዝገብም አስመዘገብነው። ዋጋ ማቅረቢያችን ግርጌም ላይ ታትሟል። ለደንበኞቻችን በሙሉ በደብዳቤ አሳውቀን፣ መድረሱን በፊርማ ተቀብለናል። ማኅተሙ አሁን ሦስተኛው ሸሪካችን ጋ ነው።